ዝናቡ ካለፈ በኋላ መጠየቅ

«ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። ደንበኞቼ ሥራዬን ሲያዩ ይመርቁኛል፤ ግን ቴሌግራም ላይ የማወጣው የአንድ ሰው ምስክርነት እንኳ የለኝም፣ አዲስ ሥራም የሚመጣልኝ በአጋጣሚ ነው። በቅርቡ ለአንድ ሐጂ ሠርቼ ባስረከብኩ ዕለት፣ ቀሪ ሂሳቤን እየተቀበልኩ፣ "ቤት የሚሠራ የሚያውቁት ሰው ካለ ስልኩን ይስጡኝ" ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። "እናያለን" ብለው ዝም አሉ። 27 ዓመቴ ነው፤ ደንበኞቼ አብዛኞቹ በአባቴ ዕድሜ ናቸው። መጨቅጨቅ ሳይመስልብኝ እንዴት ነው የምጠይቀው?»

ወንድሜ፣ ሐጂውን ቅር ያሰኛቸው መጠየቅህ አይመስለኝም። የጠየቅህበት ሰዓትና የጠየቅከው ነገር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ ሰዎችን ደንበኛ ስለ ማግኘት ሳማክር ከሁሉ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ከሐጂው ቤት እንጀምር።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ቀሪ ሂሳብ የሚከፍል ሰው ልቡ ብሩ ላይ ነው፤ ቀብዱን አስቦ፣ ቀሪውን አስቦ፣ ምናልባትም ትንሽ ተከራክሮ ነው እጁን ወደ ኪሱ የሰደደው። በዚያ ቅጽበት ሌላ ነገር ስትለምነው፣ ከከፈለው በላይ የምትጠይቀው ይመስለዋል። ሌላም ጉዳት አለው። ገና ያልከፈለህን ሰው «ሰው ላክልኝ» ካልከው፣ «ሰው እልክልሃለሁ፣ ይቺን ቀሪዋን ግን ተዋት» የሚል መደራደሪያ ራስህ ሰጠኸው ማለት ነው። ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ተመራርቃችሁ ከተለያያችሁ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አትጠይቅ።

ሁለተኛው፣ መስኮቱ ገና አልተፈተነም ነበር። በርክክብ ቀን መስኮት ሁሉ ያምራል። መስተዋቱ ተወልውሏል፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ሲሊኮኑ ይነጣል። ሐጂው ግን ብዙ ቤት አይተዋል። የደሴ ክረምት ነፋስ ቀላቅሎ ሲመጣ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ ያውቃሉ። ገና ያላዩትን ነገር እንዲመሰክሩ ስትጠይቃቸው «እናያለን» አሉ፤ ቃሉን እንደ ሰበብ ሳይሆን እንደ እውነተኛ መልስ ውሰደው። በእርግጥም ገና ሊያዩ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የጠየቅካቸው የሌላ ሰው ስልክ ነው። የዘመዳቸውን ስልክ ላንተ ሰጥተው አንተ በማያውቀው ቁጥር ብትደውልለት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስልኬን ማን ሰጠህ?» ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ቢበላሽ፣ ብትዘገይ፣ ቀብድ ተቀብለህ ብትጠፋ፣ በለቅሶም በሠርግም የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ሰው ወዳንተ የላከ ደንበኛ ዋስ እንደገባልህ ቁጠረው። ዋስነት ደግሞ በር ላይ ቆሞ፣ በድንገት፣ ሳያስቡበት የሚጠየቅ ነገር አይደለም። እኔ የምነግርህ ዘዴ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ ሥራውን አንተ ሥራለት፣ አደጋውንም አንሣለት፤ ለእርሱ የሚቀረው ያየውን መናገር ብቻ ይሁን።

ስለዚህ ምስክርነትንና ሰው መላክን በአንድ ቀን አትጠይቅ። ምስክርነት ስላለፈ ነገር ነው፤ አይቶታል፣ ይናገራል። ሰው መላክ ስለ ወደፊቱ ነው፤ አንተ ነገ እንዴት እንደምትሠራ እርሱ በምን ያውቃል? ቀላሉ ይቅደም። ቃሉን አንዴ የሰጠህ ሰው ሁለተኛውን ራሱ ሊያመጣው ይችላል።

መቼ ይጠየቅ ላልከው፣ ያንተ ሥራ የራሱ መፈተኛ አለው። በግንቦት ያስረከብከው ቤት የሚፈተነው በሐምሌ ነው። ከባድ ዝናብ ከነነፋሱ ያደረ ማግስት ለደንበኛህ ደውል። «ሐጂ፣ የትናንቱ ዝናብ ኃይለኛ ነበር። መስኮቶቹ እንዴት እንዳደሩ መጥቼ ልይ?» በል፤ ሌላ ነገር አትጨምር። በጥቅምት ያስረከብከው ከሆነ ክረምቱ ሩቅ ነው፤ ያኔ በርክክቡ ዕለት ደንበኛው ባለበት በውሃ ጎማ ከውጭ ረጭተህ አሳየውና፣ የኅዳር ቁር ከገባ በኋላ ነፋስ ያስገባ እንደሆነ ለማየት ተመለስ። ኮምቦልቻ ከሠራህ ደግሞ ሙቀቱና አቧራው ነው ጠላትህ፤ ሐረጎን ወርደህ ስትሄድ የምታየው ውሃውን ሳይሆን ሀዲዱን ነው። አቧራ ሀዲዱ ውስጥ ተኝቶ ተንሸራታቹ መስኮት ከከበደ፣ ባለቤቱ በየቀኑ ሲስበው አንተን ያነሣሃል፤ በምርቃት ግን አይደለም።

ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ። ሲሊኮን ከነመተኮሻው፣ ትርፍ ጎማ፣ ብሎን መፍቻና ቀጭን ሽቦ ያዝ። የታችኛውን ሀዲድ እይ፤ ውሃ ተኝቶ ከሆነ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በሲሚንቶ ወይም በቀለም ተደፍነዋል ማለት ነው፣ ሽቦው ለዚያ ነው። ማዕዘኖቹን እይ፤ ጎማው ሲቆረጥ አጥሮ ከሆነ ክፍተቱ እዚያ ይታያል። ግድግዳውና ፍሬሙ የሚገናኙበትን መስመር በጣትህ ዳስሰው፤ ከውስጥ በኩል ልስኑ ከረጠበ ሲሊኮኑ አልያዘም። ደግሞ አባወራውን ብቻ አትጠይቅ። መስኮቱን ጠዋት የሚከፍቱትና ማታ የሚዘጉት እትዬ ናቸው። «የትኛው ነው የሚያስቸግርዎት?» ብለህ ጠይቃቸው። «አያስቸግርም» ከማለታቸው በፊት ትንሽ ያስባሉ፤ ያቺን ዝምታ ጠብቃት፣ እውነቱ የሚመጣው ከእርሷ በኋላ ነው።

ችግር ካገኘህ ጠግነህ ውጣ። በዚያ ቀን ምንም አትጠይቅ፣ ነገሩን በገደምዳሜም አታንሣው። ጥገናህ የምስክርነት ዋጋ መስሎ ከታየ መምጣትህ ሁሉ ይበላሻል። ቀጣዩ ዝናብ ካለፈ በኋላ ግን የዚያ ሰው ቃል ከማንም ቃል ይበልጥ ይጠቅምሃል። «ጥሩ ሠራ» የሚለውን ሁሉም ሰው ሰምቶታል፤ «ችግር ነበረው፣ ሳልጠራው መጥቶ አስተካከለው» የሚለውን ግን ከስንት ሠራተኛ ሰማን? ቀብድ በልተው የጠፉ ሰዎችን የሚያውቅ ባለቤት የሚፈልገው ይህን ነው።

ችግር ካላገኘህ እነሆ ቀንህ። ወሎ ቤት ገብተህ ቡና ሳትጠጣ እንደማትወጣ ታውቃለህ፤ መቸኮል የለብህም። ነገር ግን «አስተያየት ይስጡኝ» አትበል። እንዲህ ያልከው ሰው «በጣም ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን፣ በርታ» ይልሃል። ደግ ንግግር ነው፤ ቴሌግራም ላይ ብታወጣው ግን ለሚያነበው ሰው ምንም አይነግረውም። በዚያ ፋንታ ጠይቀህ የሚሰማ ታሪክ አውጣ። እኔ የምመክረው እነዚህን ነው፦ «መስኮቱ ከመግባቱ በፊት ክረምት ላይ ምን ያስቸግርዎት ነበር?» ቀጥሎ «ሥራውን ለእኔ ከመስጠትዎ በፊት ምን አሥግቶዎት ነበር?» በመጨረሻም «አሁን ምን ተለወጠ?» መካከለኛውን አትዝለለው። አዲሱ ደንበኛህ የሚያሠጋው ያው ነገር ነውና፣ መልሱን ካንተ ሳይሆን ከእርሳቸው አፍ ሲሰማው ያምናል።

ሰውየው ሲናገሩ እንዲጽፉልህ አትጠይቅ። በአባትህ ዕድሜ ያለ ሰው ስልክ ላይ አንድ አንቀጽ መጻፍ ሊያደክመው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ «እሺ እጽፍልሃለሁ» ተብሎ የሚቀረው ቅር ብሏቸው ሳይሆን ስለሚከብድ ነው። ይልቅ «ይህችን የነገሩኝን ነገር ለሌላ ደንበኛ ባሳያት ደስ ይለኛል። እኔ ልጻፋትና አንብቤልዎት፣ ካልወደዷት እንሰርዛታለን» በል። ድምፅ መቅዳት ካሰብክ አስቀድመህ አስፈቅድ፤ ስልክህን ኪስህ ውስጥ አብርተህ እንዳትቀዳ።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልንገርህ፤ ሰዎቹን በስም አልጠራም። እንዳንተ ደሴ ላይ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ኮምቦልቻ ለሚኖሩ አንድ ነጋዴ የመኖሪያ ቤታቸውን መስኮቶች ሠርቶ በግንቦት አስረከበ። ሒሳባቸውን ዘግተው ተለያዩ። በሐምሌ ደውሎ ሄደ፤ ዝናቡ አላስገባም፣ ግን የሳሎኑ ተንሸራታች ከብዶ ነበር። ሀዲዱን ጠርጎ፣ የእግሩን ብሎን አስተካክሎ ወጣ፣ ዝም አለ። በነሐሴ መጨረሻ ሲመለስ መስኮቱ በአንድ ጣት ይንሸራተት ነበር። ያን ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቀ። ነጋዴው ብዙ አወሩ፤ እርሱም ከዚያ መርጦ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ይህን ጻፈ፦

«የድሮው የብረት መስኮታችን ዝናብ ሲመጣ ጨርቅ እንወትፍበት ነበር። ከደሴ የመጣ ሠራተኛ ብልሽት ሲኖር አይመለስም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሳልደውልለት ሁለት ጊዜ መጥቶ አየልኝ። ዘንድሮ ጨርቅ አልወተፍንም። ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀንሳል፣ በዚህን ያህል ብር ነው የሠራልኝ።»

አነበበላቸው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዲያወጣ ነገሩት፤ ብሩ እንዲታወቅ አልፈለጉም። ልክ ናቸው። ነጋዴ ቤቱን በስንት እንደሠራ አደባባይ ላይ መለጠፍ አይወድም፤ ግብሩም አለ፣ ወሬውም አለ፣ ዓይንም አለ። ስማቸውም እንዲወጣ አልፈለጉም። «ከኮምቦልቻ፣ አንድ ነጋዴ» ተባለ። ባለሙያው ያለ ስም ማን ያምነኛል ብሎ ቅር ብሎት ነበር፤ እኔ ግን ያ የጨርቅ ነገር ከስም በላይ እንደሚያሳምን ነገርኩት። ክረምት ላይ መስኮቱ ሥር ጨርቅ የወተፈ ሰው ሲያነበው የራሱን ቤት ያያል።

ፎቶውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውስጥ ያነሣኸው ፎቶ መስኮቱን ብቻ አያሳይም፤ ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ አንዳንዴም ሳታየው ያለፈች የቤት ልጅን ያሳያል። ከውጭ፣ ከቅርብ፣ የግቢው በር፣ የቤት ቁጥሩና መኪናው ሳይገቡ አንሣ። ከመለጠፍህ በፊት ፎቶውንና ጽሑፉን እንዳሉ ላክላቸውና «ቴሌግራም ላይ እንዲህ ሆኖ ነው የሚወጣው» በላቸው። ቴሌግራም የፈቀደልህ ሰው ቲክቶክን ፈቅዶልሃል ማለት አይደለም፤ ለየብቻው ጠይቅ። ከዓመት በኋላ «አንሣልኝ» ቢሉህ ምክንያቱን ሳትጠይቅ በዚያው ቀን አንሣ።

አሁን ወደ ሰው መላክ እንምጣ። ብዙ ጊዜ በሩን የሚከፍተው ደንበኛው ራሱ ነው። «እህቴም ጢጣ እየሠራች ነው» ወይም «ጎረቤቴ መስኮቱን ሲያይ ማን ሠራልህ አለኝ» ይላል። በዚያ ጊዜ ብቻ፣ እዚያው ላይ ጠይቅ። እርሱ ካላነሣውና አንተ ማንሣት ካለብህ ጥያቄውን አጥብበው። «የሚያውቁት ሰው» ስትል ከተማውን ሁሉ አሳሰብካቸው፤ ከተማውን ሁሉ ያሰበ ሰው ማንም ትዝ አይለውም። አንተን የሚፈልግህ ሰው ግን በአንድ የታወቀ ደረጃ ላይ ነው ያለው፦ ጣሪያውን መትቶ ልስን ላይ የደረሰ። ልስኑ ሳያልቅ ልክ ብትወስድ ቀዳዳው ይጠብና መስኮቱ አልገባ ይላል፤ ካለቀ ብዙ ከቆየ ደግሞ ለሌላ ሠራተኛ ቀብድ ሰጥቷል። ስለዚህ እንዲህ በል፦

«ሐጂ፣ ምናልባት በዘመድ ወይም በጎረቤት ጣሪያ መትቶ ልስን ላይ የደረሰ ሰው ካለ፣ የእርስዎን መስኮት አይቶ ከወደደው እርሱ ይደውልልኝ። ስልኩን እኔ አልፈልግም። ካልተመቸዎትም ምንም አይደለም፤ እኔ መስኮትዎን ማየቴን አልተውም።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ያለውን ተመልከት። ዘመዳቸው ሳያውቅ ስልኩ አይሰጥም። የሚያሳዩት የተፈተነ መስኮት ስለሆነ ስለ ወደፊቱ ቃል አይገቡም። ማምለጫውም ከእምቢታቸው በፊት ተሰጥቷቸዋል። «ምንም አይደለም» ማለት ከእምቢታ በኋላ ሲሆን ቅሬታ ይመስላል፤ ከጥያቄው ጋር አብሮ ሲመጣ ግን ክብር ነው።

እሺ ካሉህ ብቻ፣ ማታ ላይ እርሳቸው ለዘመዳቸው ሊያስተላልፉት የሚችሉት አጭር መልእክት ላክላቸው። ለምሳሌ «የእኛን መስኮት የሠራው ልጅ ነው፤ ክረምቱን አይተነዋል፣ ውሃ አላስገባም። መጥቶ ለመለካት አያስከፍልም። ከፈለግህ ደውልለት» ብለህ ስልክህን ጻፍበት። «እንደፈለጉ ይቀይሩት» ማለትን አትርሳ፤ የእርሳቸው ቃል ነውና። ራስህን በዚያ መልእክት ውስጥ አታወድስ። «በከተማው ምርጡ» የሚል ነገር ካለበት አንድ ትልቅ ሰው አያስተላልፈውም።

እምቢ ማለታቸውን እንዴት ታውቃለህ? በእኛ አገር ፊት ለፊት እምቢ የሚልህ የለም። «ኢንሻአላህ»፣ «እናያለን»፣ «ችግር የለም» እሺም እምቢም ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ከቃሉ ቀጥሎ በሚመጣው ነገር ይታወቃል። ስም ከጠሩ፣ ቦታ ከጠቀሱ፣ «መቼ ነው የምትመቸው?» ካሉ እሺ ነው። ወሬውን ወደ ሌላ ካዞሩ ወይም ለልጆቹ ትእዛዝ መስጠት ከጀመሩ አይሆንም ማለት ነው፤ አንተም ወሬውን አብረህ አዙር። የምስክርነቱን ጽሑፍ እንዲያዩት ልከህላቸው ሳምንት ዝም ካሉ አንድ ጊዜ ብቻ ደውል። ሰው ስለ መላክ ግን በፍጹም አታስታውስ። አንዴ ሰምተዋል፤ ከፈለጉ ያደርጉታል። ያንተን ሐጂ በተመለከተም ጥያቄውን አትመልሰው። ቀጣዩ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ደውለህ መስኮታቸውን እይላቸው፣ የዚያን ቀን ነገር በይቅርታም ቢሆን አታንሣባቸው።

ብዙዎች «ሰው ለላከልኝ ኮሚሽን ልስጥ?» ይሉኛል፤ አንተም ነገ ትጠይቀዋለህና አሁን ልመልሰው። ለፎርማንና ለደላላ ኮሚሽን የእንጀራቸው ጉዳይ ነው፤ ተስማምተህ ትከፍላለህ። ለሐጂው ግን «ሰው ከላኩልኝ ይህን ያህል አለዎት» ብትላቸው ደላላ አደረግካቸው። ዘመዳቸው ነገ ቢሰማ «ለካ ተከፍሎት ነው የላከኝ» ይላል፤ ያ ዘመድ እንኳን ያንተን መስኮት፣ የእርሳቸውንም ቃል አያምንም። ለምስክርነት ቃልማ ፈጽሞ አይከፈልም። ማመስገን ግን ሌላ ነው። ሥራው ከመጣልህ በኋላ፣ ቀድመህ ቃል ሳትገባ፣ ሰኔ ላይ ሄደህ ያረጀ ጎማቸውን በነጻ ብትቀይርላቸው ወይም ለበዓል አንድ ኪሎ ቡና ይዘህ ብትገባ ማንም አያፍርበትም።

የተላከው ሰው ሲደውልልህ በዚያው ቀን ለላኩልህ ሰው ንገራቸው፦ «ዘመድዎ ደውለውልኛል፣ ቅዳሜ ልለካ ነው።» ተስማምታችሁም ከሆነ ንገራቸው፣ ሳትስማሙ ከቀራችሁም ንገራቸው፤ የዋጋውን ዝርዝር ግን የዘመዳቸው ጉዳይ ነውና ለራስህ ያዘው። ሥራ በዝቶብህ በተባለው ጊዜ ማድረስ የማትችል ከሆነ፣ ቀብድ ከመቀበልህ በፊት «እስከ መስከረም አልደርስም» በል፤ ለዚያ ሰው ሌላ የምታምነውን ሠራተኛ ብትጠቁመው ደግሞ የተሻለ ነው። ሥራው በእጅህ ከገባ ግን ከሌላው ሰው ሥራ ይቅደም፣ በቀጠሮው ቀን ይግባ፤ መጀመሪያ ዝናብ የጣለ ዕለትም የምትደውለው ለሁለት ቤት ይሁን፣ ለላኩልህና ለተላከው።